የጆሮዬ ኩክ

ነገሌ ላይ እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ውጭ አገር ናት፤ ትማራለች» ትል ነበር። አልዋሸችም። ሞያሌን ለሁለት የሚከፍለውን ድንበር ተሻግሬ በኬንያው ሞያሌ ነበር የምኖረው። ከክፍሌ በር ላይ ቆሜ ቀና ስል የኢትዮጵያው ሞያሌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቁ ይታዩኛል። ኮሌጁ ናይሮቢ ነው፤ ትምህርቱ ግን በኢንተርኔት ነበር። በእኛ በኩል ኢንተርኔቱ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲያሻው ለሳምንታት ይጠፋል። ስለዚህ ማዶ ተሻግሬ፣ የማዶ ሲም ካርድ አውጥቼ፣ የማዶ ክፍል ተከራየሁ። ውጭ አገሬ ይሄው ነው።

ውጭ አገሬ ደግሞ ቀፋፊ ነበር። ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አንድ ሽንት ቤት እንጠቀማለን። የወለሉ ሲሚንቶ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ምን እንዳረጠበው ላለማሰብ ትንፋሼን ይዤ ገብቼ ትንፋሼን ይዤ እወጣለሁ። የአከራያችን ፍየሎች ደጃፋችን ላይ ያድራሉ። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ የበጠጣቸው ሽታ ነው። ከጀርባችን ሥጋ ቤት አለ፤ ዝንቦቹ ከዚያ ተነሥተው በቀጥታ የእኔ ስኒ ላይ ያርፋሉ። አብራኝ የምትኖረውን፣ ከአሬሮ ወረዳ የመጣችውን ልጅ ይህ ሁሉ አይደንቃትም ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ከማዶ ወደ ማዶ እያሻገረች የምትሸጥ፣ ዝምተኛ፣ ሻሿን ከራሷ የማታወርድ ልጅ ናት። እኔ ግን የነርስ ልጅ ነኝ። እናቴ ነገሌ ውስጥ ባለ ክሊኒክ ስትሠራ ኖራ፣ ቤታችን ውስጥ ሳሙና እንደ ጸሎት ነበር። ሳህን በፈላ ውኃ ይለቀለቃል፤ እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፤ ሰው ቤት የተሰጠን ኩባያ ጫፉ በዓይን ይመረመራል። ከእናቴ ሙያውን ሳይሆን መጸየፉን ወረስኩ።

የምማረው የማኅበረሰብ ጤና ነበር። የመጨረሻው ፈተና የቃል ነው፤ ሁለት መምህራን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ይጠይቁኛል። ሕጉ ጥብቅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖር የለበትም፣ ስልክ አይፈቀድም፣ ፈተናው በኮምፒውተር ብቻ ነው፣ ማይክ ያለው ኤርፎን ግዴታ ነው። የኤርፎኑ ነገር ለእኔ ከሕጉም በላይ ነበር። ከወር በፊት የገመድ ኤርፎን ተሰክቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ከአልጋ ላይ ወድቆብኝ፣ የመሰኪያው ጫፍ ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ኤርፎን እንደተሰካበት ስለሚቆጥር በራሱ ስፒከር ምንም ድምፅ አያወጣም። ሌላ የገመድ ኤርፎን ልስካ ብልም ቀዳዳው ተደፍኗል። የቀረኝ በብሉቱዝ የሚሠራው፣ በትንሽ ነጭ ሣጥን ውስጥ ቻርጅ የሚደረገው ጥንድ ኤርፎን ብቻ ነበር።

ፈተናው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥቼ ልሞክረው ሣጥኑን ከፈትኩ። የሣጥኑ መብራት በራ። ግራውን ጆሮዬ ውስጥ ስከተው አንዴ ጢጥ ብሎ ጠፋ። ቀኙ ከነጭራሹ ዝም አለ። መልሼ ከተትኳቸው፣ ሣጥኑን ቻርጀር ላይ ሰካሁት፣ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። አሁንም ያው ነው።

በዚያች ደቂቃ ያደረግሁትን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይሞቃል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ለገበያ የምታወጣውን ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር። ወደሷ ዞርኩና፣

«ነክተሽዋል አይደል?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ኤርፎኔን! እኔ ስወጣ ጆሮሽ ውስጥ ትከችዋለሽ። ያንቺ እድፍ ነው ያበላሸው።»

አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልማለችም። «እኔ የሰው ዕቃ ጆሮዬ ውስጥ አልከትም» ብላ የጨርቅ ጥቅሏን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ያፈላችው ሻይ ሳይጠጣ ቀረ። እኔም ልክ እንደሆንኩ ነበር የተሰማኝ። እንዲያውም ትራሷ የእኔን ትራስ ነክቶት ስለነበር ቆንጥሬ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ባለ ሱቁ የገመድ ኤርፎን ደርድሯል፤ የብሉቱዙ ግን አልቆበታል። ከተማ መሃል ያሉት ትልልቅ ሱቆች ደግሞ በራቸውን የሚከፍቱት አርፍደው ነው። ያኔ ነው ወደ ጓደኛዬ የደወልኩት።

ጓደኛዬ በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። ትውልዷ ዱብሉቅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነገሌ መጥታ አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጠውን ነበር። የወተትና የጭስ ሽታ ነበራት፤ ቤታቸው የወተት ዕቃ በጭስ ይታጠናል፣ ሽታው ልብሷ ላይ አብሯት መጣ። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ለመምህሩ «ሰሌዳው አይታየኝም» ብዬ ቦታ ቀየርኩ። ሰሌዳው ይታየኝ ነበር። ጓደኛሞች የሆንነው ከዓመታት በኋላ፣ ሞያሌ ላይ ሰው ጠፍቶብኝ እሷ ብቻ ስትቀር ነው። ይህንንም መናገር አስቀያሚ ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

«አካም ጅርታ? እንዴት ነሽ?» አለችኝ ስልኩን እንዳነሣች።

«ደህና አይደለሁም። ኤርፎኔ ሞተ። አራት ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ።»

«ሁለቱም ሞተ? ሣጥኑስ መብራት አለው?»

«ሣጥኑ ይበራል።»

«እንግዲያው ሬሳ አይደለም። ምንም አትንኪ። በመርፌ እንዳትጎረጉሪው፣ በአፍሽም እንዳትነፊበት። መጣሁ።»

በባጃጅ እስከ ድንበሩ ኬላ፣ ከዚያ በእግሯ መጣች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በሬ ላይ ቆማለች፤ ትከሻዋ ላይ ያረጀ የተማሪ ቦርሳ፣ እጇ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ብስኩት። ጠረጴዛዬን በእጇ ጠረግ አድርጋ ነጭ ወረቀት ዘረጋችና ዕቃዋን ደረደረች፦ የኤሌክትሪክ መለኪያ መልቲሜትር፣ ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ፣ የተማሪ ላጲስ፣ ጥጥ፣ ትንሽ ጠርሙስ አልኮል። አልኮሉን ሳይ ትንሽ ደስ አለኝ፤ የእናቴን ክሊኒክ ይሸታል።

መጀመሪያ ሣጥኑን ከቻርጀር ነቀለችው። ክዳኑን ከፍታ፣ ኤርፎኖቹ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሁለት ትንንሽ የወርቅ ቀለም ፒኖች አሳየችኝ። «ከሣጥኑ ባትሪ ወደ ኤርፎኑ ኃይል የሚሻገረው በነዚህ ነው» አለች። «ፒኑ ከሥሩ ስፕሪንግ አለው፤ ኤርፎኑ ሲቀመጥ ይጫነዋል፣ ይገናኛሉ። ካልተገናኙ ሣጥኑ ሙሉ ሆኖ ኤርፎኑ በረሃብ ይሞታል።» የመልቲሜትሩን ሁለት ሹል ጫፎች በጥንቃቄ በግራው ጉድጓድ ፒኖች ላይ አሳረፈች። አምስት ቮልት ገደማ አሳየ። በቀኙ ላይ ዜሮ። ማጉያውን ዓይኗ ላይ አድርጋ አጎንብሳ ቆየችና፣ «አንዱ ፒን ሰምጦ ቀርቷል። የሆነ ነገር አጣብቆታል» አለች።

«ምን?»

ግራውን ኤርፎን አነሣች። ከሥሩ ሁለት የወርቅ ነጠብጣቦች መኖር ነበረባቸው። ወርቁ የለም። በላዩ ላይ አረንጓዴና ጥቁር ነገር ተጋግሮበታል፤ ጠርዙን ቢጫ ነገር ከቦታል።

«ይኼ ላብ ነው» አለች፣ እንደ ሐኪም። «ላብ ጨው አለው። ጨውና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ብረቱን ይበሉታል፤ አረንጓዴው ዝገቱ ነው። ቢጫው ደግሞ ኩክ ነው።»

አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ።

እሷ ግን ሥራዋን ጀመረች። ጥጡን በስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጠቅልላ በአልኮል ነክራ፣ ጨምቃ፣ ነጠብጣቦቹን ማሸት ያዘች። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ቀየረችው። ሁለተኛውም ቡናማ። ሦስተኛው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የቀረውን ዝገት በላጲስ ጫፍ ቀስ እያለች ፈተገችው፤ በቢላዋ ብትፍቀው ወርቁ እንደሚነሣና ከዚያ በኋላ በሳምንት እንደሚዝግ ነገረችኝ። በሌላ እጇ ከፌስታሉ ብስኩት እያወጣች ትበላለች። በአንድ እጅ የሰው ኩክ፣ በሌላው ብስኩት።

«እባክሽ ስትጨርሺ ብዪ» አልኳት።

«ቁርስ ሳልበላ ነው የመጣሁት» አለች፣ ሳትቆጣ።

ወደ ሰመጠው ፒን ስትሄድ ብስኩቱን ተወችው። አንድ ጠብታ አልኮል በጥጥ አስነክታ ክምችቱ እስኪለሰልስ ጠበቀች። ከዚያ በስቴኪኒው የእንጨት ጫፍ ፒኑን ከጎኑ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረገችው። እኔ ከፀጉር ማስያዣዬ ቀጭን ብረት አውጥቼ ዘረጋሁላት። እጄን መለሰችው። «ብረት ሁለቱን ፒን ካገናኘ ሾርት ያደርጋል፤ ያኔ ሣጥኑንም እናጣዋለን። እንጨት ይበቃል።» ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ፒኑ ብቅ አለ። እንደገና ለካችው። አምስት ቮልት።

ልጮህ ስል፣ «ገና ነው» አለች። «ቢሞላም ድምፁ አይሰማሽም። ወንፊቱን እይው።»

ማጉያውን ሰጠችኝ። ባላይ ይሻለኝ ነበር። ከላስቲኩ ሥር፣ ድምፅ የሚወጣበት ጥቃቅን ወንፊት ላይ አንድም ክፍት ቀዳዳ አይታይም። ወፍራም፣ እርጥብ፣ ማር የመሰለ ነገር ሞልቶታል። ውስጡ የሞያሌ ቀይ አቧራ አለ፣ ትንንሽ ፀጉር አለ። ላስቲኩን ስትነቅለው ክር የሚመስል ነገር ተስቦ ተበጠሰ። ወደ ደጅ ወጥቼ ፍየሎቹ አጠገብ አስመለስኩ። የፍየሎቹ ሽታ ያን ጊዜ ከክፍሌ ይሻል ነበር።

ስመለስ ኤርፎኑን አፉን ወደ ታች ደፍታ ከሥር ወደ ላይ በደረቁ ብሩሽ እየጠረገችው ነበር። ቆሻሻው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። ብሩሹ ያላነሣውን በሚያጣብቅ ፕላስተር ተጭና እየነጠቀች ታወጣዋለች። አልኮል ለምን እንደማትጠቀም ጠየቅኋት።

«እዚህ ላይ አልኮል ካስነካሁት ኩኩ ይሟሟና በወንፊቱ አልፎ ስፒከሩ ላይ ይደርቃል። ያኔ ማንም አያወጣውም። ለዚህ ነው በአፍሽም አትንፊ ያልኩሽ፤ ትንፋሽ እርጥብ ነው።»

«ያቺ ልጅ ናት» አልኩ። «እኔ ሳልኖር ትጠቀምበታለች። ጠዋት ነግሬያታለሁ። እንዴት ያለች ቆሻሻ...»

ጓደኛዬ ብሩሹን አስቀመጠች። በወረቀቱ ላይ ካለው ክምር ትንሽ በስቴኪኒ አንሥታ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«አሽትቺ» አለች።

«አብደሻል?»

«አሽትቺ እልሻለሁ።»

አሸተትኩ። በቅባቱ ውስጥ አንድ የማውቀው ሽታ ነበር። የፀጉሬ ቅባት። እናቴ ከነገሌ በጠርሙስ የምትልክልኝ፣ ጠዋትና ማታ ከጆሮዬ ጀርባ ጀምሬ የምቀባው። ያቺ ልጅ ፀጉሯን ቅባት አትቀባም፤ ሻሿንም አታወርድም።

«የራስሽ ነው» አለች ጓደኛዬ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የራስሽ። ትምህርት ስትሰሚ ጆሮሽ ውስጥ አድርገሽ ትተኛለሽ፤ በላብሽ፣ በቅባትሽ መልሰሽ ሣጥን ውስጥ ትከቻለሽ።»

ላዩን በየቀኑ በንጹሕ መሐረብ እወለውለው ነበር። ነጩ ሣጥን ያበራ ነበር። ውስጡን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ልነቅላቸው የፈለግሁ ይመስል። ያንን ቢጫ ነገር በሌላ ሰው ላይ ሳስበው ቁጣ ነበር የሚሰጠኝ። የእኔ መሆኑን ሳውቅ ቁጣው መሄጃ አጣ። የገዛ ቆዳዬ ቀፈፈኝ።

«ለምን አትስቂብኝም?» አልኳት።

«ምኑ ያስቃል? የሁሉም ሰው ጆሮ ያው ነው። እኔ በየቀኑ የማየው ይኼንኑ ነው። የሹሙንም፣ የሹፌሩንም፣ የፓስተሩንም።» ከዚያ ቀና ሳትል ቀጠለች፤ «ዘጠነኛ ክፍል ቦታ ስትቀይሪ ሰሌዳው እንደሚታይሽ አውቅ ነበር።»

ላስቲኮቹን ሰጠችኝና «በሳሙናና በውኃ እጠቢ፣ በደንብ አድርቂ። ይኼን እንኳ አንቺ ሥሪ» አለችኝ። አጠብኳቸው። ሦስት ጊዜ አጠብኳቸው።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሁለቱም ሣጥኑ ውስጥ ገብተው ቀይ መብራታቸው በራ። ሠላሳ ደቂቃ ሞላናቸው። ከዚያ ኮምፒውተሬ ላይ የኤርፎኑን የድሮ ስም አጠፋችው፤ ሁለቱም ሣጥኑ ውስጥ እንዳሉ የሣጥኑን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭና ያዘች። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። «ሲሞቱ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ነበር፤ አሁን እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ።» እንደገና አገናኘቻቸው፤ በድምፅ ማስተካከያው ላይ ማይኩም ስፒከሩም ኤርፎኑ እንዲሆን መረጠች። ልሞክረው ስናገር ድምፁ እንደ አሮጌ ስልክ ጠቦ መጣ። ደነገጥኩ።

«አልተበላሸም። ብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት ድምፁን ያሳንሰዋል፤ ሁለቱን አብሮ በጥራት መሸከም አይችልም። ንግግር እስከተሰማሽ ይበቃል። አሁን ስሚኝ፤ የቀኙ ባትሪ ሲራብ ስለከረመ ደካማ ነው። መሃል ላይ ቢሞት አውጥተሽ ሣጥን ውስጥ እንዳትከቺው። እዛው ጆሮሽ ውስጥ ተዪው፤ ግራው ብቻውን ይሠራል። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

ጆሮዬ ውስጥ መክተት ግን አቃተኝ። ንጹሕ ናቸው፣ ከመቼውም የበለጠ ንጹሕ። እጄ ግን አልታዘዘኝም። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ አየችኝና ራሷ ከተተችልኝ፤ ልጅ ጆሮ ላይ ጉትቻ እንደሚደረገው። ከዚያ ስልኬን ይዛ፣ ወረቀቱን ከነቆሻሻው ጠቅልላ ወጣች። በሩን ከውጭ ስትዘጋውና ፍየሎቹን ስታባርር ሰማሁ።

አራት ሰዓት ላይ ፊታቸው መጣ። አንደኛዋ ሴት፣ አንደኛው ወንድ። ክፍሉን በካሜራው አዙሬ እንዳሳይ ነገሩኝ። ቀጥሎ ሴትየዋ «ፀጉርሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ጆሮሽን አሳዪን» አለችኝ፤ የተደበቀ ሌላ መሣሪያ አለመኖሩን ለማየት። ካሜራው ላይ ጆሮዬን አቀረብኩ። ምንም እንደማይታያት አውቃለሁ። ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ክምር ሁሉ ያየች መሰለኝና ላቤ ወረደ።

ጥያቄዎቹ መጡ። ስለ ኮሌራ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ክትባት። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን ይሰማኛል። ሃያኛው ደቂቃ ላይ በቀኝ ጆሮዬ ሦስት ጊዜ ጢጥ አለና ዝም አለ። እጄ ሊነቅለው ተነሣ። አወረድኩት። ለሁለት ሰከንድ ያህል ምንም አልነበረም፤ ከዚያ በግራው ብቻ የሰውዬው ድምፅ ተመለሰ። «ጥያቄውን ሊደግሙልኝ ይችላሉ?» አልኩ። ደገመልኝ። መለስኩ። አለቀ።

ስወጣ ጓደኛዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አከራያችንን «አንቱ፣ ጥቂት ይታገሡ» እያለች የውኃ ጄሪካን እንዳይንኳኳ ትይዝላቸው ነበር። «ሰማሽ?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። ስለ ዘጠነኛ ክፍል ይቅርታ ጠየቅኋት። «ረፍዶብኛል፤ ሱቄ ዝግ ነው» አለች። ወደ ኬላው ስትወርድ ከጀርባዋ እያየኋት ይቅርታዬን ተቀበለችው ወይስ አልተቀበለችውም ብዬ አሰብኩ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። በር ላይ ጠብቄ እንደተሳሳትኩ፣ ቆሻሻው የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኳት።

«ቆሻሻ ብለሽኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ጠዋት ብቻ አይደለም። ኩባያ ስሰጥሽ ጫፉን ታያለሽ። ሁልጊዜ አያለሁ።»

ማታ ራቷን ለብቻዋ በላች፤ እኔም ለብቻዬ። ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ አልፌያለሁ። እናቴ ነገሌ ላይ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። እኔ ግን ደስታው አፌ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ጮማ ተጣበቀብኝ፤ አልዋጥ፣ አልተፋ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ሌላ ክፍል አገኘች። ከገበያ ስመለስ ፍራሿም፣ ጨርቆቿም የሉም። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም ነበር። የራሷን ጎን ብቻ ሳይሆን የእኔንም ጎን፣ ከአልጋዬ ሥር ሳይቀር፣ አጥባው ነው የሄደችው።